የጸዳው ስክሪን

ሰው አገር፣ ሜስኪት የምትባል ከተማ፣ አጎቴ ቤት ስኖር ነው። አንድሮይድ ስልክ ገና አዲስ ነበር። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ስላላለፈ ስልኬ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ትቼ ሁሉንም በቀለሙና በቦታው ነበር የምለየው። መሀል ላይ የእናቴን ፎቶ አስቀምጬ ነበር። ስነካው የአገር ቤት መደወያ ካርዱንና የእናቴን ጎረቤት ቁጥር አከታትሎ ይደውላል፤ ካርድ ሻጩ ነው እንደዚያ ያስተካከለልኝ። እናቴ እሑድ እሑድ ጎረቤት ሄዳ ስልክ አጠገብ ትጠብቀኛለች።

የአጎቴ ልጅ እዚህ ያደገ ነው፤ ፍሪስኮ የምትባል ጎረቤት ከተማ ቢሮ ይሠራል። አንድ ቀን ስልኬን አይቶ፣ የገበያ ቀን ይመስላል ብሎ ሳቀ። ተቀብሎኝ የፊት ገጹን የሚቀይር ላውንቸር የሚባል ፕሮግራም አወረደ። አይከኖቹን ሁሉ ነጭ አደረጋቸው፣ ስማቸውን ደበቀ፣ ከላይ የሰዓት ዊጀት ብቻ ተወ። ለመደወል ከታች ያለችውን ነጥብ ነክቼ በጣቴ መሳል ነበረብኝ፤ ክብ ከሳልኩ ለእናቴ፣ ግማሽ ክብ ከሳልኩ ለአለቃዬ። ከዚያ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የስክሪኑን ፎቶ አነሳ። ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ሰዎች አድንቀውለታል። እኔም አመሰገንኩት።

እሑድ ጠዋት ክቤ ሳይገጥም ቀረና አለቃዬ ከእንቅልፏ ተነስታ አነሳችው። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ሰኞ፣ የምንሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሌላ ጊዜ ብትቀሰቅሺኝ ሥራ አትምጪ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነጥቧን መንካት ፈራሁ። ለአጎቴ ልጅ ብነግረው ፕራክቲስ አድርጊ አለኝ። ለአጎቴ መናገር ደግሞ ልጁን መክሰስ መሰለኝ። እሑዶቹ እንዲሁ አለፉ፣ ክረምቱም አለፈ።

ከዚያ ሌላ ላውንቸር ሊሞክር ስልኬን እንደገና ወሰደ። አንድ ነገር አጠፋና ወደ ፊት ገጹ የሚመልሰውን ሆም የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ የትኛውን ገጽ ልክፈት የሚል ጥያቄ መጣ። የመጀመሪያውን ነካ። ቀለሞቼ እንዳሉ ናቸው፤ መሀል ላይ እናቴ አለች።

«እዚህ ነበረች?» አልኩት።

«ማለቴ፣ ዲሊት አላደረግኩትም እኮ። አልጠየቅሽኝም።»

ተወው እንዲህ ይሁን አልኩት። ይሄ ሁሉ ቀለም ያስጠላል ብሎ ወደ ነጩ ሊመልሰው ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። ከሰው እጅ ነጥቄ አላውቅም ነበር። ደነገጠና «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

እሑድ ደወልኩ። ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። እናቴን እስክትጠራልኝ ብዙ ቆየች፤ እንደ ድሮው ስልኩ አጠገብ አልነበረችም።

ስልኩ ነው እምዬ፣ ስልኩ ተበላሽቶብኝ ነው አልኳት። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ደህና ከሆንሽ ይበቃል» አለች። «ሰው ቤት ነው፣ አላስቸግራቸው።»

ዘጋችው።