መጋረጃ መስላኝ ያጠፋኋት ሕፃን

ሶዶ ውስጥ የሐዘን ባነር ያሠራ ሰው ሚልክያስን ያውቃል። እኔ ነኝ። «እጄ ፈጣን ነው» ብዬ ስኮራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አፈር ልብላ!

መምህር ጦና ባረፉ ማግስት ልጃቸው ትርፌ ከገሱባ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዛልኝ መጣች። መምህሩ በኮት ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እማማ አሳየሽ ነጠላ ለብሰው አጠገባቸው ቆመዋል። ከኋላቸው ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት የስቱዲዮ መጋረጃ አለ።

«መጋረጃውን አውጣና ከኋላቸው ሰማያዊ አድርግልኝ። እነሱን ግን እንዳትነካብኝ፣ እማዬ ያላት የድሮ ፎቶ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ።

ስካን አድርጌ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት። የድሮ ፎቶ ላይ ነጠላውም መጋረጃውም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆን ማሽኑ ይሳሳታል፤ ዙሪያቸውን በእጅ፣ ነጥብ በነጥብ መዞር ነበረብኝ። ማን ይዞራል! በራሱ የሚቆርጠውን አውቶማቲክ ተጫንኩት፤ መጋረጃው እልም አለ። ከእማማ ትከሻ በላይ ግን አንድ ብዥ ያለ ነገር ቀረ። የመጋረጃ እድፍ ነው ብዬ በብሩሽ ሁለት ጊዜ አሸት አደረግኩና አጠፋሁት። ትርፌ ስክሪኑ ላይ አይታ «ጥሩ ነው» አለች። አተምኩላት።

መምህሩ ሦስተኛ ክፍል አስተምረውኛልና በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ገሱባ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እማማ አሳየሽ ባነሩ ፊት ቆመው በጣታቸው የራሳቸውን ትከሻ ይዳብሳሉ።

«ሩታዬስ? ሩታዬ የት ገባች?»

አጠገቤ የነበሩ ሴት በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሩታ የትርፌ ታላቅ ናት፤ ትርፌ ሳትወለድ በኩፍኝ ሞታለች። ትርፌ ስሟን እንጂ ፎቶው ውስጥ መኖሯን አታውቅም። ሩታ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር፤ ፎቶው ሲነሳ ጭንቅላቷን ስላወዛወዘች ፊቷ ብዥ ብሏል። ሌላ ፎቶ የላትም።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ማሽኑ ነው እማማ» አልኩ። «ማሽኑ በራሱ ነው የቆረጣት።»

«ማሽን ምን ያውቃል፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ናቸው እኔን ያጽናኑኝ!

ሶዶ ተመልሼ ደግሜ ሠራሁት፤ ይሄን ጊዜ በእጄ። አጉልቼ ሳየው ሁለት ዓይን ነበራት፣ ትንሽ ጆሮም ነበራት። እንዴት እድፍ መሰለችኝ? ራሴን ጠላሁት።

በነጋታው አዲሱን ባነር ራሴ ሰቀልኩ። መንገድ ላይ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ነበር። እማማ ግን እጄን ያዙና ለቀስተኛውን ጠሩ።

«ማሽን ያጠፋብኝን ልጄን የመለሰልኝ ይሄ ነው። እጁን ጌታ ይባርክ!»

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ።