የዘይባ በርበሬ በፌስቡክ

ዘይባን በቅናት ያነደዳት ሚኒባስ ነው። ቡታጅራ መናኸሪያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ረዳት ጠዋት ጠዋት ከአጥሯ ማዶ ያለውን የከድጄን በር እያንኳኳ፣ በማዳበሪያ የተቋጠረ በርበሬ ተሸክሞ ይሄዳል። ከድጄ ደግሞ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስልኳን እየነካካች፣ «ታርጋውን ለደንበኛዬ ልኬላታለሁ፣ ላፍቶ ትጠብቅሃለች» ትለዋለች። ይህ ሁሉ ፌስቡክ ላይ የከፈተችው ሱቅ ያመጣው ነው።

እንግዲህ በርበሬን ቀንጥሶ፣ አጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዞ ማስፈጨትን ለከድጄ ያሳየቻት ዘይባ ናት። ሰፈሩም ይህን ያውቃል። ታዲያ አዲስ አበባ ያለው ሰው ከድጄን እንጂ ዘይባን የማያውቀው በምን ዕዳዋ ነው?

በ2010 ዓመተ ምሕረት የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ፣ ዘይባ የሞባይል ጥገና ሱቅ ወዳለው ወደ ሰማን ሄደች።

«አሰላሙ አለይኩም ሰማን። የከድጄን ዓይነት ሱቅ ክፈትልኝ። የሷን የሚያስንቅ ግን።»

«ወአለይኩም ሰላም። እሺ፣ ስሙ ማን ይባል?»

«ዘይባ በርበሬ።»

ሰማን ገጹን ከፈተ። በርበሬውን ሰፌድ ላይ አድርጋ ያነሳችውን ፎቶ ለጠፈ፣ ስልኳን ጻፈ፣ የኪሎውን ዋጋ ጻፈ።

«ዋጋውን ምን አስቸኮለህ? ይጠይቁኝ።»

«የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ዝም ብሎ ያልፍሻል። ማድረሱስ?»

«በሚኒባስ ነው። የጭነቱን ተቀባይ ይከፍላል። ቡታጅራ ውስጥ ከሆነ ባጃጅ አለ።»

ያንንም ጻፈ። የባንክ ደብተሯን አይቶ ቁጥሩን ካሰፈረ በኋላ፣ «ከድጄ አጠገቡ የሒሳቡን ባለቤት ስም አስቀምጣለች። ያንቺንም…» ማለት ሲጀምር ዘይባ ፊቷን አጨማደደች።

«እሷ ከጻፈች የኔ ላይ አትጻፍ። እሷን ቀዳች ይበሉኝ? ቁጥሩ ይበቃል።»

ሰማን ከሴት ጋር አይከራከርም፤ ተወው።

ብዙም አልቆየ፣ ፍሬሕይወት የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ደወለች። ለእህቷ ሠርግ ነው፣ ብዙ ትፈልጋለች። ከተስማማት ዘመዶቿም ከዚሁ እንደሚያዙ ነገረቻት። «አሁኑኑ ብሩን አስገባና የላኩበትን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ» አለች። ዘይባ ወፍጮ ቤት የሄደችው እየበረረች ነው። ስትመለስም በከድጄ በር ፊት ለፊት ሆን ብላ ቀስ ብላ አለፈች።

ብሩ አልገባም። በማግስቱም አልገባም። ስትደውል ፍሬሕይወት ስልኩን አታነሳም። በሦስተኛው ቀን ከድጄ ግቢዋ ውስጥ ቆማ «ፍሬሕይወት» ስትል በአጥሩ ቀዳዳ ተሰማት። ከዚያ ወዲያ ዘይባን ማን ይይዛታል!

«ደንበኛዬን ወሰድሽ አይደል?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ ገብታ።

«ነይ ተቀመጪ ዘይባዬ።»

«አልቀመጥም። ሠርጉን ለብቻሽ ልትበዪው ነው?»

ከድጄ ሳቋ መጣ፤ ስልኳን አቀበለቻት። ፍሬሕይወት በከድጄ የፌስቡክ ገጽ የጻፈችላት መልእክት ነበር። «ቡታጅራ ስለሆንሽ ልጠይቅሽ። ዘይባ የምትባል ባለበርበሬ አጭበርባሪ ናት? ብሩን ልልክ ስል ስልኬ ላይ የመጣው ስም ሀያቱ ሸምሶ የሚል ነው። ፈራሁ።»

ዘይባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሀያቱ ራሷ ናት። አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ መታወቂያ ላይና ባንክ ቤት እንጂ የትም ተጠርታበት አታውቅም። አያቷ ዘይባ አለቻት፣ ሰፈሩም ዘይባ ብሎ ቀረ።

ከታች የከድጄ መልስ አለ። «ሀያቱ የመታወቂያ ስሟ ነው። እኛ ነን ዘይባ የምንላት። በርበሬውን እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ሳትሰጊ ላኪላት።»

«አሁን ደውላልኝ ይህንኑ ስነግራት ነው የሰማሽኝ» አለች ከድጄ። «ስምሽን አስጽፊው እንጂ የኔ እህት። ሰው ብሩን ለማያውቀው ስም አይልክም።»

ዘይባ ልታመሰግናት አፏን ከፈተች። ግን መልሱ እንዲህ ያማረ መሆኑ ራሱ አናደዳት፤ ክፉ ብትጽፍባት ይቀላት ነበር።

«ሰማንን ብዬው ነበር እኮ፣ ረስቶት ነው» ብላ ወጣች።

ስሙ በዚያው ቀን ከቁጥሩ አጠገብ ተጻፈ፦ ሀያቱ ሸምሶ (ዘይባ)። ብሩ ገባ። ያ ረዳትም በርበሬውን ሊወስድ መጥቶ፣ «የከድጄም አለ፣ አንድ ላይ ልሰረው?» ቢላት፣ «ለየብቻ!» አለችው።

ከሠርጉ በኋላ ፍሬሕይወት ደወለች። ወጡ እንግዳውን ሁሉ ጣት አስልሷል፣ ሁለት አክስቶቿም ማዘዝ ይፈልጋሉ። ዘይባ ከደስታ ብዛት ቤቷ ውስጥ ትሽከረከራለች።

«ደግሞ ለጎረቤትሽ ምስጋናዬን ንገሪልኝ። እሷ ባትኖር ኖሮ አልልክም ነበር።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለች ዘይባ።

እስካሁን አልነገረቻትም።