የአርባ ዘጠነኛው በግ

ጎረቤቴ አንዳርጌ ልብስ ሰፊ ነው። ልጁ ይትባረክ ከሃምሳ ተማሪ ሁልጊዜ ሃምሳኛ ነበር። ዘንድሮ ካርዱ ላይ አርባ ዘጠነኛ ተብሎ ሲመጣ «ልጄ ሰው በለጠ!» ብሎ በግ አረደ። እኛም በላን፤ የክፍላቸው ኃላፊ ቲቸር ውድነሽም በላች።

ሰኞ ለወላጆች ሁሉ ደብዳቤ ተላከ። አንዳርጌ ሱቁ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ድምራቸው እኩል የሆነ ተማሪዎች አንድ ደረጃ ይጋራሉ፤ ቀጣዩ ቁጥር ይዘለላል። ሁለት ተማሪዎች አርባ ዘጠነኛ ስለወጡ ሃምሳኛ የለም።»

ክው አለ። «ታዲያ ያው መጨረሻ ነው በይኛ!»

ውድነሽ በደጁ ስታልፍ አያት። «ቲቸር፣ በጌን እየበላሽ ዝም ትያለሽ?»

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ጥብሱ አፌ ውስጥ እያለ ምን ልበል?»

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የእኔዋ ልጅ ፌቨንም እዚያው ክፍል ናት፤ ካርዷ ገና ማህተም አልተመታበትም ብላኛለች።

«ሌላው ደደብ ማን ነው?» አልኩት ሱቁ ጥግ የተቀመጠውን ይትባረክን።

አንገቱን ደፋ። «እትዬ ዘውዴ፣ ፌቨንን ይጠይቋት።»

አንዳርጌ መቀሱን አነሳና ቀና ብሎ አየኝ።

«ያንቺስ በግ መቼ ነው?»