ባዶ የተባለው ቱቦ

ወንድሜ አስገር ጭቃ ያኝክ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ከባሕር ወለል በቱቦ የወጣ አፈር ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ በጥፍሩ ይቆነጥርና የፊት ጥርሱ ላይ ያደርገዋል። ከተንኮሻኮሸ ደለል ነው፤ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሸክላ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ባልዲ እንትፍ ይልና ይጽፋል።

እኔ የክሬን ሰው ነኝ። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ቤት በምሆንበት ጊዜ ቀትር ላይ ወደ ኤስቢየር ወደብ እወርድና በናሙና መጋዘኑ ውስጥ አብረን ምሳ እንበላ ነበር። ጥቁር ዳቦ፣ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ፣ ከፔርሙስ የሚቀዳ ቡና። ጠረጴዛው ግማሹ የምሳ፣ ግማሹ የጭቃ ነው።

ስለ ድሮው ማውራት ይወድ ነበር። ሥራ ሲጀምር ባሕር ላይ የሚተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ትንንሽ ነበሩ፤ ውኃውም ከአምስት ሜትር አይበልጥም። መሠረቱ ኮንክሪት ነበር፤ የብስ ላይ ይሠራና ተወስዶ ጠላቂዎች በደለደሉት ጠጠር ላይ ይቀመጣል። የሚይዘው የራሱ ክብደት ብቻ ነው።

«ከጀልባው ጎንበስ ብለህ ጠጠሩን ታየው ነበር» ይለኝ ነበር። «አሁን የማየው ቱቦ ውስጥ የመጣልኝን ብቻ ነው።»

ውኃው ሲጠልቅ ኮንክሪቱ ከልክ በላይ ገዘፈ። በምትኩ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ቆሞ በመዶሻ ወደ አፈሩ መመታት ጀመረ። ያኛው ቁጭ ይላል፤ ይኼኛው በዙሪያው ባለው አፈር ከጎን ተይዞ ይቆማል። ስለዚህ የአፈሩ ዓይነት የአስገር ጭንቀት ሆነ።

የመጨረሻ ሥራው በሰሜን ባሕር ከአንድ የአሸዋ ጉብታ ጀምሮ ወደ ጥልቁ የሚወርድ መስክ ነበር። ጉብታው ላይ ውኃው አሥራ አምስት ሜትር ነው፤ እዚያ አንድ አንድ ቱቦ ተመደበ። አርባ አምስት ሜትር በሚደርሰው ዳር ባለ አራት እግር የብረት ማማ ተመረጠ፤ እያንዳንዱ እግር በቀጭን ምሰሶ ከወለሉ ጋር የሚቸነከር። ተርባይን ቁጥር አርባ ሦስት ከሁለቱ መካከል፣ ሠላሳ አንድ ሜትር ላይ ወደቀች፤ ለእሷም አንድ ወፍራም ቱቦ ተመረጠ።

መስከረም ላይ አፈሩን ለመለካት የተገፋው የብረት ዘንግ አርባ ሦስት ላይ አሥራ አንድ ሜትር ገብቶ እምቢ አለ፤ አሸዋው ደንድኖ ነበር። ቀጥሎ መሰርሰሪያው ገባ። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ሜትር የወጡት ቱቦዎች ባዶ ነበሩ። ማዕበል ተነሣና ቁፋሮውን የያዘችው መርከብ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ተይዛ ስለነበር ዳግም አልሄደችም። መዝገቡ ላይ «ናሙና የለም» ተብሎ ተጻፈ።

የመሠረቶቹ መሐንዲስ ዲቴ ወደ መጋዘኑ የመጣች ቀን ምሳ ላይ ነበርኩ።

«ከታችም ያው አሸዋ ነው ብለን እናስላው» አለች። «ጎረቤቶቿ ሁሉ አሸዋ ናቸው።»

አስገር ከባዶዎቹ ቱቦዎች አንዱን አንሥቶ ውስጡን በቢላዋ ፋቀ። ቢላዋው ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ግራጫ ነገር ወጣች። አኘካት።

«ምሳህን ጨርሰህ አልነበረም?» አልኩት።

«ዝም በል አንተ። ዲቴ፣ ቅመሺ።»

«በጭራሽ።»

«እንግዲያው እመኚኝ። ለስላሳ ሸክላ ነው፤ ሲወጣ አዳልጦት ወደቀ እንጂ ቱቦው ባዶ አልነበረም። አሸዋው ከላይ እንደ ክዳን ነው። የመሠረት ቱቦሽ ክዳኑን ሲበሳ የሚይዘው አያገኝም።»

«ሥራውን ለሚያጸድቀው ማኅበር ምን ብዬ ልጻፍ? አንድ ሽማግሌ ቀመሰው ልበል?»

«ሌሎቹ ከሚጽፉት ያንሳል?»

እየሳቀች ወጣች። ግን ሂሳቡን በሁለቱም መንገድ ሠራችው፤ የአርባ ሦስት ቱቦ ከመቆረጡ በፊት ሰባት ሜትር ተጨመረበት፤ ከሸክላው በታች ያለውን ጠንካራ አፈር እንዲይዝ። አስገር ያን ቀን ሁለት ዳቦ በላ።

ወደ በር ሲሸኘኝ እጄን ይዞ አንድ ነገር ነገረኝ። «ቶርኪል፣ አንተ ከሆንክ የምትመታው፣ አሥራ አንድ ሜትር ላይ አቁም። የመዶሻውን ገመድ ስድስት ሜትር አላላው። ቱቦው ድንገት ከወረደ መዶሻው አብሮት ይወርዳል፤ ገመዱ ከተወጠረ ክሬንህን ይነጥቀዋል።»

«ይጻፍልኝ» አልኩት።

«እጽፋለሁ።»

የካቲት ላይ ሞተ። ልቡ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ያገኙት የጽዳቷ ሴትዮ ናቸው፤ እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ።

ሰኔ ላይ አርባ ሦስት ደረሰች። የማንሻ ዕቅዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ስለ ገመዱ ምንም የለም። ቱቦውን አቆምነው፤ የመርከቧ ጎን ላይ ያለው ቀለበት ቀጥ አድርጎ ያዘው። በራሱ ክብደት አራት ሜትር ገባ። ጩኸቱ የባሕር እንስሳቱን እንዳይጎዳ ዙሪያውን የአየር አረፋ ተለቀቀ፤ መዶሻው መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል መታ። ወጣቶቹ ሠራተኞች በየሩብ ሜትሩ ምቱን ይቆጥራሉ፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስምንት። እየጠነከረ ነው። አሥራ አንድ ሜትር ሲሞላ አስቆምኩ።

የመርከቧ ወለል አለቃ ፍሌሚንግ በሬዲዮ ጮኸ። «ምን ሆንክ? ሽንት ያዘህ?»

«ስድስት ሜትር ገመድ ላላላ ነው።»

«ዕቅዱ ላይ የለም። የላላ ገመድ የመዶሻውን የዘይት ቱቦዎች ጠልፎ ይበጥሳል። ማን ነገረህ?»

«አስገር።»

 ፍሌሚንግ ቀብሩ ላይ ነበር።

«ቶርኪል» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሩብ ሜትር ሠላሳ ስምንት ምት እየቆጠርን ነው። ይህ አፈር ድንጋይ ነው። ሐዘን ሌላ፣ ሥራ ሌላ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ወንድሜ ስለሆነ ብቻ እያመንኩት እንደሆነ አላወቅሁም። ከተሳሳተ ሃያ ሰው ፊት የሚሳቅበት እሱ ነው፤ ቆሞም አይመልስላቸውም። ልክ ከሆነና ዝም ካልኩ ደግሞ ክሬኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ዲቴን ጥሯት» አልኩ።

ከቢሮ ተገናኘች። ፍሌሚንግ ነገሩን ነገራት። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኝ ነበር።

«ስድስት ሜትር ስጡት» አለች። «ሰው ሁሉ ከመዶሻው ይራቅ። የዘይት ቱቦዎቹን በገመድ ለይታችሁ እሰሩ። ምቱን በትንሹ ኃይል፣ አንድ በአንድ።»

አላላሁት። ምት። ምት። አሥራ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ አንድ ምት መታና ቱቦው ጠፋ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ሺህ ቶን ብረት ጭቃ ውስጥ እንደ ማንኪያ ሰጠመ፤ መዶሻውም አብሮት። የላላው ገመድ ሲዘረጋ በመስታወቱ አየሁት። ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ቆመ። ገና ጥቂት ልል ነበር። ክሬኑ አልተነቃነቀም።

«አራት ሜትር ከስልሳ» አለ አንዱ ቆጣሪ፣ በቀጭን ድምፅ።

ፍሌሚንግ «ያ ሽማግሌ ጭቃ በላተኛ» አለ፤ ሬዲዮውን ዘጋ።

ከአሥራ ሰባት ሜትር በታች ጠንካራው አፈር ያዘው። ሳይመሽ ሙሉ ጥልቀቱ ላይ ደረሰ፤ ሰባቱም ሜትር አስፈልጎ ነበር።

ወደብ ስንመለስ ዲቴ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችኝ። በእጇ የአርባ ሦስት መዝገብ ነበር። የገመዱን ነገር አስገር በእርሳስ ጀርባው ላይ ጽፎት ነበር፤ ወደ ዕቅዱ ያዛወረው ሰው ግን አልነበረም። እሷም ያን ቀን በሬዲዮ ስንጠራት ስታገላብጥ ነው ያገኘችው።

የፊት ገጹን አሳየችኝ። «ናሙና የለም» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ በእሷ ጽሕፈት ተጽፎበታል። «ለስላሳ ሸክላ። በጥርስ የተለየ። አስገር።»

«ለዚህ ሣጥን የለም ፎርሙ ላይ» አለች። «ዳሩ ላይ ጻፍኩት።»

ቀትር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የጭቃው ግማሽ ተጠርጎ ነበር፤ እኔ በምሳው በኩል ተቀመጥኩ። ዳቦዬን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለእሷ ሰጠኋት።