ከፎቶው ሥር የገባችው ዋንጫ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ከፎቶ ሥር እጽፋለሁ» እላለሁ፤ ሰዉ ይስቃል። እውነቴን ነው። የቡ ጅማ አጠገብ ያለች ቡና አብቃይ አገር ናት፤ በቡና ገበሬዎቿ ማኅበር የጅማ ቢሮ ተቀምጬ፣ ከማጠቢያ ጣቢያው የሚላክልኝን ፎቶ ገጻችን ላይ እለጥፋለሁ፤ ከሥሩም ምን እንደሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ከዚህ በፊት የመሥሪያ ቤት ዜና ጸሐፊ ነበርኩ። የዚያ ቤት ልማድ አልለቀቀኝም፤ ሁለት ቃለ አጋኖ ጎን ለጎን ቆመው ሳይ ደሜ ይፈላል። ኢሞጂ ደግሞ ለእኔ ቢሮ ውስጥ የሚነፋ ፊኛ ነበር።

ሊቀመንበራችን ግን ኢሞጂ ወዳድ ናቸው። መካ ደርሰው ስለመጡ ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ገፍቶ ስማርት ስልክ የያዙ ሰው ናቸው፤ ኢሞጂን ያወቁ ዕለት ጽሑፍ ቀነሱ። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ የሚሉኝ በጽጌረዳ፣ በጨረቃ፣ በጸሎት እጅና ለምን እንደገባች እስከዛሬ ባልገባኝ አንዲት ግመል ታጅበው ነው። እወዳቸዋለሁ። ችግሩ፣ ሊቀመንበር ነኝ ብለው የገጹን ቁልፍ እሳቸውም መያዛቸው ነበር። እኔ ጠዋት ደረቅ አድርጌ የለጠፍኩትን ከዙህር ሶላት በኋላ ገብተው ያስጌጡታል።

«ሐጂ፣ ምነው ነካኩት?» እላቸዋለሁ።

«አልነካሁም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። መረቅኩት እንጂ።»

ሐጂ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር። የየቡ ቡና ዘመኑን ሁሉ ከሌላ ጋር እየተቀላቀለ፣ በሌላ ስም ነው አገር የወጣው። ሊቀመንበርነቱን ለሌላ ከማስረከባቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጆንያው ላይ «የቡ» ተብሎ ተጽፎ ሲጫን ማየት ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ አንዲት የውጭ ቡና ገዢ ገጻችንን አይታ፣ ለመጎብኘት እመጣለሁ ብላ ጻፈችልን። ሐጂ ያን ቀን በግ ሊያርዱ ምንም አልቀራቸውም።

በሳምንቱ ከገዢዋ ሌላ መልእክት መጣ። አጭር ነበር፤ ጨዋነቱ ራሱ ያስፈራል። «ፎቶው ሥር ያለው ዋንጫና የአንደኛ ደረጃ ሜዳሊያ የየትኛው ውድድር ነው? ውጤቱን ብትልኩልን። ጉብኝቱን ከዚያ በኋላ እንወስናለን።»

የምን ዋንጫ? ብዬ ገጹን ከፈትኩ። እኔ የጻፍኩት «በዚህ ሳምንት የተለቀመ ቀይ እሸት፣ የቡ» የሚል ነበር። ከጎኑ 🏆🥇🔥🔥🔥💯 ተደርድሯል። ማኅበራችን በሕይወቱ የቡና ውድድር ገብቶ አያውቅም።

ያኔ በጣም ተናደድኩ። ሐጂ ቢሮ ሲመጡ፣ ከእኔ ትይዩ የምትቀመጠው ቡና ቀማሻችን ሁኔታዬን አይታ ማንኪያዋን ጣል አድርጋ ተነሳች። የጅማ ልጅ ናት፤ ሰው ሳይጣላ በፊት ታስታርቃለች።

«ሐጂ፣ እሳቱን ማንም ይረዳዋል፤ ጉራ ነው ብሎ ያልፈዋል» አልኳቸው። «ዋንጫ ግን ጌጥ አይደለም። ለሚገዛ ሰው ተሸልመናል ማለት ነው።»

«ለኛ ቡና አይገባውም?»

«ይገባዋል። ግን አልተሰጠውም።»

ሐጂ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱት፣ መልሰው አወጡት። «እንግዲያው ሴትዮዋ ውሸታሞች ናቸው ብላ ነው የምታስበው?» አሉ። ንዴቴ እዚያው በነነ። እኚህ ሰው በሚዛን አንዲት ፍሬ የማያጭበረብሩ ናቸው፤ በሥዕል ዋሹ መባሉ አንጀቴን በላኝ።

«ጻፊ» አሉኝ። ቃሉን እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ሰረዙን ብቻ አስገባሁ። «እዚህ የነበሩት ዋንጫና ሜዳሊያ የደስታችን ናቸው፤ የሽልማት አይደሉም። ማኅበራችን ውድድር ገብቶ አያውቅም። ይቅርታ እንጠይቃለን።» ለገዢዋም ይህንኑ ላክን። ከዚያ ሐጂ፣ አላህ ይስጣቸው፣ የገጹን ቁልፍ በገዛ እጃቸው መለሱልኝ።

እኔ ድል አደረግሁ ብዬ ሁሉንም ኢሞጂ ጠራርጌ ላጠፋ ስነሳ ቀማሻችን እጄን ያዘችኝ።

«ዋላሂ፣ አሁን ደግሞ አንቺ አበዛሽው! ገጹን የሞት ማስታወቂያ ልታስመስይው ነው?» አለች። «ገበሬው የራሱን ቡና ፈልጎ ሲያጣስ? ፊደል ያልቆጠረው ብዙ ነው። ለታጠበው የውሃ ጠብታ፣ በእሸቱ ለደረቀው ፀሐይ አድርጊለት።»

አኮረፍኩ፤ ልክ ስለነበረች። ከዚያ ወዲህ ከመስመሩ መጀመሪያ አንዲት ምልክት ብቻ እናስገባለን፦ «💧 የታጠበ፣ የቡ»፤ «☀️ በእሸቱ የደረቀ፣ የቡ»። ቃሉንም ከጎኗ ሳንጽፍ አንቀርም፤ አሮጌ ስልክ ላይ ምልክቷ ባዶ ሳጥን ሆና ስለምትቀር። ትርጉሟንም አንቀይርም፤ ጠብታ ዛሬ ለታጠበ ቡና፣ ነገ ለዝናብ ከሆነች ማንም አያምናትም። ከየቡ ሰዎች እየደወሉ «ጠብታዋ ላይ ያለው የኔ አልጋ ነው!» ሲሉኝ፣ ማድረቂያ አልጋቸውን በስልክ አውቀውት ሲፈነድቁ፣ እኔም አብሬ እፈነድቅ ጀመር።

አንድ ቀን ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ አልጋዎቹ ሳይሸፈኑ የተወሰነ ቡና መታ። «ዝናብ ያገኘውን ለይተን አውጥተናል፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐጂ ደወሉ። «የሚያለቅስ ፊት ጣል አታደርጊበትም?»

«አይሆንም ሐጂ። ገዢ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያነብ ማወቅ የሚፈልገው ቡናው ምን እንደሆነ ነው፤ እኛ ማልቀሳችንን አይደለም።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ። ቀጥሎ በግል፣ ለእኔ ብቻ፣ ሰባት የሚያለቅሱ ፊቶች ላኩልኝ።

ገዢዋ መጣች። ዋንጫውን ስታይ ልትሰርዘን እንደነበር፣ ማስተካከያውን ስታነብ ግን ቆም ማለቷን ነገረችን። የዝናቡን ወሬ ካየች በኋላ ትኬቷን ቆረጠች። ቀማሻችን ሲኒዎቹን ደረደረችላት፤ ሁለቱም በማንኪያ እየማጉ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ዞሩ። እኛ በር ላይ ቆመን ፊታቸውን ብናነብ ምንም አልተገኘበትም። ሴትዮዋ ውሳኔዋን በቀጥታ ለሐጂ እንደምትነግር ቃል ገብታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አላስችል አለኝ። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ጽጌረዳ የለም፣ ጨረቃ የለም፣ ግመሏም የለችም። ጌጥ የሌለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦

«ገዙት። ጆንያው ላይ የቡ ተብሎ ይጻፋል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ሁሉ ዓመት የፈለጉት ነገር ሲመጣ ማስጌጥ አላስፈለጋቸውም። ዕንባዬ ስክሪኑ ላይ ጠብ ጠብ እያለ መልስ ልጽፍላቸው ሞከርኩ፣ ጽፌ አጠፋሁት። ዋንጫ ላክሁ። ሌላ ዋንጫ ላክሁ። ሜዳሊያውን፣ እሳቱን፣ መቶውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አውራ ጣቴ እስኪዝል ደረደርኩት፤ የባጃጁ ሾፌር በመስታወት እያየ «ሰላም ነው፣ እህቴ?» እስኪለኝ።

የሐጂ መልስ ወዲያው መጣ።

«ኢንተላ ኮ፣ ዋንጫው የየትኛው ውድድር ነው?»