ልጄ እንደ ቡችላ ያሳለችበት ሌሊት

ልጄ ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሲመሽ ያየሁባት ነገር ቢኖር ጉንፋን ብቻ ነው፤ አፍንጫዋ ይንጠባጠባል፣ ድምጿም ትንሽ ጎርነን ብሏል። ነርስ የሆነችው እናቷ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ወጥታለች። እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመስኖ ውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ የሽንኩርት ተከላ ወቅት በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከማሳ ማሳ ስለምዞር ልጅቷን እንድትይዝልኝ እናቴን ከገጠር አስመጣኋት።

እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ አንድ ነገር ጮኸ። የጎረቤት ቡችላ አልጋ ሥር የገባ መስሎኝ በእግሬ ገፍቼ ላስወጣው ስል፣ ድምፁ ከአጠገቤ ከተኛችው ልጄ እንደመጣ ገባኝ። ቁጭ ብላ ታስላለች። ሳሉ ደረቅና ጎርናና ነው። አስላ ስታበቃ ደንግጣ አለቀሰች፤ በለቅሶዋ መሀል አየር ስትስብ ደግሞ ከጉሮሮዋ ሲር የሚል ሻካራ ድምፅ ወጣ።

እናቴ ከማዶ አልጋ ተነስታ መብራት አበራች።

«እንጥሏ ወርዷል» አለች ገና ሳታያት። «አፏን ክፈትልኝ፣ በጣቴ ልንካው።»

«ተይ እማዬ፣ ታንቂያታለሽ።»

«ነግቶ እንጥል ቆራጩ ጋ እስክንደርስ ነው። አንተን በምን አዳንኩህ?»

እውነቷን ነው፣ እኔ እንጥል የለኝም። ትንሽ ልጅ ሆኜ በጀርባዋ አዝላኝ ተራራውን ተሻግራ አስቆርጣኛለች። በመስታወት ጉሮሮዬን ባየሁ ቁጥር ባዶ ቦታ ነው የማየው። ከእኔ በፊት የተወለደ ልጅ በሳል ሞቶባት ነበርና ሁለተኛውን ላለማጣት የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። በዚህ ተቆጥቼባት አላውቅም። ልጄ ግን ለሰው ጣት አፏን የምትከፍትበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ «ስልኩን አስጠጋላት» አለችኝ። አስጠጋሁላት። ልጄ አሳለች፣ አለቀሰች፣ ሲር አለች። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስትናገር ድምጿ እንደሌላው ቀን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው፣ እንደዚያ ለመሆን ምን ያህል እንደታገለች ይገባኛል።

«ስማኝ። ታቅፈሃት ቁጭ በል፣ እንዳታስተኛት። ነጠላ ደርብላትና ወደ ደጅ አውጣት፣ ቀዝቃዛ አየር ታግኝ። አታስለቅሷት፤ ስታለቅስ ነው የሚብስባት። አፏን ማንም እንዳይነካ።»

እናቴ ከጎኔ ሆና «ውሃ አፍልቼ በባሕር ዛፍ ላጥናት በላት» አለችኝ።

«እንፋሎት አይሆንም፤ የፈላ ውሃ ያቃጥላታል እንጂ አይጠቅማትም። ውሃ ከፈለገች ትንሽ በትንሽ አጠጧት።»

ደጅ ወጣን። በኅዳር የሮቢት ሙቀት ሌሊት ሌሊት ትንሽ ይበርዳል። ልጄን ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጬ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት፤ ከዚያ ስለ አህያ፣ ስለ ፍየል፣ ስለ ባጃጅ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ በቀስታ አወራሁላት። ለቅሶዋ ቆመ። ሲር የሚለው ድምፅም ጠፋ። ሳሉ ብቻ አልፎ አልፎ ይጮኻል።

ባለቤቴ ስልኩ ላይ ነበረች። «አሁን ዝም ብላ ስትተነፍስ ያ ድምፅ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«ጥሩ። ግን ጠብቃት፣ አትተኛ። ሳታለቅስ ቁጭ ብላ ያ ድምፅ ከመጣ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወይ ከጎድኗ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወይ ከተዝለፈለፈችብህ፣ ያኔ እኔን ለመጠየቅ እንዳትቆም። ወደ ሆስፒታል ሂድ።»

ልጄ እቅፌ ውስጥ ተኛች። እናቴ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔም ሙያዬ ሆኖ፣ ከሩቅ የሚሠራ ፓምፕ ሰምቼ የትኛው ክፍሉ እንደተጎዳ የምናገር ሰው፣ የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ምንም ነገር እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ለስላሳ ሲሆን ቆሞ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ከፍ ሲል ደግሞ መጣ እላለሁ።

ሊነጋ ሲል ድምፁ ተመለሰ። አላለቀሰችም፤ ተኝታ ነው። ሲር ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ሲር ይላል። ሸሚዟን ገለጥኩ። ከጎድኗ ሥር ያለው ቆዳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እንደገና ልደውል ቁልፉን ስነካ እናቴ እጄን ያዘችው።

«ምን ነበር ያለችህ? አትቁም አላለችህም?»

በግቢያችን የሚኖረው ባለባጃጅ ለሱብሂ ሶላት በጆግ ውሃ ውዱእ እያደረገ ነበር። ልጅቷን አየና ጆጉን መሬት ላይ ተወው።

«ሶላቴ ይደርሳል፣ ግቡ» አለ።

መንገዱ ላይ ልጄ ነቅታ አየችኝ፤ ማልቀስ እንኳ አላማራትም። ከለቅሶዋ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ። ባለባጃጁ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ ብሎ «ቢስሚላህ» ይላል፤ እናቴ ከኋላ እመቤቴን ትጠራለች።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ተረኛው ወጣት ጤና መኮንን ከእቅፌ አልወሰዳትም። «እዚያው ጭንዎ ላይ ትሁን» አለና ጣቷ ላይ መቆንጠጫ የመሰለ መለኪያ አደረገላት፣ ደረቷን አየ፣ አዳመጠ። ጉሮሮዋን ለማየት አልሞከረም። የሚዋጥ መድኃኒት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጠብ አደረገላት። ከዚያ ጭጋግ የሚተፋ ማስክ አመጣና ፊቷ አጠገብ እንድይዝላት ሰጠኝ፤ አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት እንደሆነ ነገረኝ። ጭጋጉን እንደ ጨዋታ እፍ እያልኩ አሳየኋት። ጥቂት ቆይቶ ሲርታው እየሳሳ ሄደ፤ የጎድኗ ቆዳ መሰርጎዱን ተወ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ታግሳ ነበር።

«ልጄ፣ እንጥሏ አይደለም?»

«አይደለም እናቴ። ከእንጥሏ በጣም በታች፣ ድምፅ ከሚወጣበት ዝቅ ብሎ ያለው የአየር መንገዷ ነው በጉንፋኑ ያበጠው። የሕፃን መንገድ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሲያብጥ እንዲህ ይጮኻል።»

«የኔን ልጅ አስቆርጬው አድጓል እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አድገዋል። ግን መቁረጥ ያደማል፣ ይመረቅዛል፤ ያበጠውን መንገድም አይከፍትም። እርስዎ ዛሬ በጊዜ ማምጣትዎ ነው የጠቀማት።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ምናልባት ያን ከእኔ በፊት የነበረውን ልጅ፣ በየትኛው ሌሊት ምን ዓይነት ሳል እንዳሳለ ታስታውስ ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዘግይቶ ሲያውቀው ዕውቀቱ ደስታ ብቻ አይሆንም።

ወዲያው አልለቀቁንም። ጭጋጉ ኃይሉን ሲጨርስ እብጠቱ ሊመለስ ስለሚችል፣ የሚዋጠው መድኃኒት እስኪይዝላት እዚያው ማየት አለብን አሉ። ልጄ ግን ረፋዱ ላይ በጎርናናዋ ድምፅ «ሙዝ» አለች። እናቴ ሮጣ ገዛች።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳ እኛ ቤት ስንገባ ደረሰች። ቦርሳዋን ሳትጥል ጆሮዋን የልጅቷ ጀርባ ላይ ለጥፋ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን ሳይሆን እናቴን አቀፈቻት፤ ሌሊቱን በሙሉ የያዘችውን ለቅሶም እዚያ ለቀቀችው።

በማግስቱ ሌሊት ሳሉ ቀለል ብሎ መጣ፤ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሮን ነበር። እኔ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። በሩ ተከፍቷል። ሁለቱ ሴቶች ደጅ ተቀምጠዋል፣ ልጄ ነጠላ ተከናንባ እናቴ ጭን ላይ ናት። እናቴ ስለ ገጠሩ ላሟ ቀስ እያለች ታወራላታለች፤ ባለቤቴ ታዳምጣለች። ሲርታ የለም። እኔም ተመልሼ ተኛሁ።