ዳለቻ ዓይኗን ስትከድን

ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ በቅርቡ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ አገኘኝና፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ አባቴ ቆዳ ይነግድበት የነበረውን ሱቅ፣ ከሱቁም ጋር ዳለቻ የምንላትን ግራጫ ድመት አስታወሰኝ።

ዳለቻን ያመጣናት ለአይጥ ነበር። በበጋው ወራት የጨው ጆንያ ላይ ተጋድማ ከሱቁ ሌላ ጥግ አባቴን ታየው ነበር፤ ዓይኖቿን እስከ ግማሽ አጥብባ፣ ቀስ አድርጋ ከድና፣ ለአፍታ ቆይታ፣ ቀስ አድርጋ ትገልጣቸው ነበር። በዚያው ሰሞን ጓዳ ከተሰቀለው ቋንጣ ይጎድል ጀመር።

«አየሻት?» አለኝ አባቴ። «ዓይኔን ማየት አቃታት። ወላሂ ሌባዋ እሷ ናት!»

ያኔ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ከተማው ሁሉ የሰው ዓይን ይመረምር ነበር፤ ስብሰባ ላይ ያቀረቀረ ሰው የደበቀው ነገር አለ ይባል ነበር። አባቴም በዚሁ ሚዛን ድመቷን መዘናትና፣ ወደ አሬሮ በሚሄድ የጭነት መኪና፣ ጆንያ ውስጥ ከቶ ሊሰዳት ቆረጠ። ሊይዛት በተነሳ ቁጥር ግን ከቆዳው ክምር ኋላ እየገባች ታመልጠው ነበር።

መኪናው እስኪመጣ ሦስት ቀን ስለነበረኝ ስከታተላት ዋልኩ። ሳፈጥባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ፊቷን ታዞር ነበር። እንግዳ ሲገባ ዓይኗ እንደፈጠጠ ይቀር ነበር። ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ አስተያየቴን አለስልሼ፣ ቀስ ብዬ ዓይኔን ስከድን ግን እሷም መልሳ ትከድን፣ አንዳንዴም ተነስታ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ይህን ለጎረቤታችን ለወታደሩ ሚስት፣ ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ምኑ ይገርማል? በድመት ዘንድ ማፍጠጥ ጠብ መፈለግ ነው። አንቺስ የምትፈሪው ሰው ፊት ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ? አሟት ነው እንዳትይም፣ ብትታመም ኖሮ ዓይኗ ያነባ ነበር።»

ወደ አባቴ ሮጬ ሄድኩ። «አባ፣ አያፍጥጡባት። ይቀመጡና ቀስ ብለው ዓይንዎን ይክደኑላት። የምትከድነው ስለማትፈራዎት ነው።»

አባቴ በጥርጣሬ አየኝና በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንዳልኩት አደረገ። ዳለቻ ዓይኗን አጠበበች፣ ከደነች፣ ገለጠች። ሲደግምላት ከጆንያው ወርዳ እግሩን ተሻሸችው። አሸነፍኩ ብዬ ሳጨበጭብ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ አነሳት፤ በሌላው ባዶ ጆንያ ሳበ።

«ጎበዝ ልጅ!» አለኝ። «መያዣዋን አገኘሽልኝ።»

ዳለቻ በመኪናው ከተሰደደች በኋላ፣ ዝናቡ ሲገባም ቋንጣው መጉደሉን አልተወም። አባቴ ስለ ዳለቻ ዳግም አላነሳም። በእርግጥ ያ አከዳደኗ ሌባ አለመሆኗን አያረጋግጥም ነበር፤ የሚናገረው እሱን አለመፍራቷን ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ያየሁትን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር። ዛሬ እንጀራዬ ያየሁትን መዘገብ ሆኖ ሳለ፣ ማን ማንን እንደሚያምን ሲጠይቁኝ ጆንያ ይዞ እንደሆነ አስቀድሜ የጠያቂውን እጅ አያለሁ።